የተሰበረው ጫፍ ስንት ነበር?

በሐዲያና በከምባታ ደጋማ ቀበሌዎች ስንዴው ከአውድማ ተነስቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ወፍጮ ቤቶች ፋታ የላቸውም። በሆሳዕና ዳርቻ፣ በዱራሜ፣ በአንጋጫና በዶዮገና መንገዶች ጧት በአህያ፣ በባጃጅና በትከሻ የሚጓዘው ከረጢት አቅጣጫው አንድ ነው። በዚህ ሰሞን ወፍጮ ከቆመ ባለቤቱ ገቢውን ያጣል፣ የሰፈሩ ሴቶች ደግሞ ከረጢታቸውን ተሸክመው ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ይሄዳሉ።

ወፍጮን ከሚያቆሙት ነገሮች ሁሉ ባለቤቱ በጣም የሚፈራው ሞተር መቃጠሉን ነው። ቶርኖ ቤት በብዛት የሚደርሰው ጉዳት ግን ከዚህ ይለያል። ቺንጋው የሚዞርበት ፑሌጃ ከተቀመጠበት ቦታ ላይ ሻፍቱ ይሰበራል፣ ወይም ተበልቶ ፑሌጃው መወዛወዝ ይጀምራል። ሻፍቱ ቀጥ ያለ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ አንድ ቦታ ለክቶ እስከ ጫፉ በዚያው ልክ ማውጣት ይበቃል። ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ሾጣጣ ሲሆን፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ቴፐር ሲሆን፣ ጥያቄ ይነሳል። ተሰብሮ የጠፋው ቀጭኑ ጫፍ ውፍረቱ ስንት ነበር?

ብዙ ሰው ይህን የቶርነሪው ዓይን የሚፈታው ይመስለዋል። የሚፈታው ግን በአንድ ማካፈልና በአንድ መቀነስ ነው። ስሌቱን በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል የተማረ ልጅ ይሠራዋል። ሰው የሚሳሳተው ቁጥሮቹን ከየት እንደሚያመጣና ከስሌቱ በኋላ ማሽኑን እንዴት እንደሚያዝ ላይ ነው።

ለምን ሾጣጣ ተደረገ?

ፑሌጃን ቀጥ ባለ ሻፍት ላይ ለማስገባት ትንሽ ክፍተት መተው ያስፈልጋል፤ አለዚያ አይገባም። ያ ክፍተት እያደር መወዛወዝን ይወልዳል። ክፍተቱ እንዳይኖር አጥብቆ በመዶሻ ማስገባት ይቻላል፣ ሲበላሽ ግን ማውጣቱ ሌላ መከራ ነው። ሾጣጣ ጫፍ ሁለቱንም ችግር ያስቀራል። ፑሌጃው ሾጣጣውን እስኪነካ ድረስ በእጅ በነፃነት ይገባል፣ ጫፉ ላይ ያለው ዳዶ ሲጠብቅ ወደ ወፍራሙ ይገፋል፣ በዙሪያው ሁሉ እኩል ይያዛል፣ ራሱንም መሃል ላይ ያስቀምጣል። ለማውጣት ዳዶውን ፈትቶ በመጎተቻ አንድ ጊዜ ማላቀቅ በቂ ነው።

ይህ አሠራር በወፍጮ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በሆሳዕና አስፋልት ላይ የሚሽከረከረው ባጃጅ ማግኔቱን የያዘው ቮላኖ የተቀመጠው በኮሎው ሾጣጣ ጫፍ ላይ ነው። መካከል ላይ ያለችው ትንሽ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ብረት ዋና ሥራዋ ቮላኖው በትክክለኛው አቅጣጫ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው፤ ኃይሉን የሚይዘው የሾጣጣው ግጥምጥሞሽ ነው። ግጥምጥሞሹ ሲላላ ብረቷ ትቆረጣለች፣ የእሳቱ ሰዓት ይዛባል፣ ባጃጁም አልነሳም ይላል። የጭነት መኪናው ቴስቲናም እንዲሁ በሾጣጣ ግንድ ነው በክንዱ ቀዳዳ ውስጥ የሚቀመጠው። ቶርኖው ራሱ እንኳ በስተኋላ ያለውን መደገፊያ ሹል የሚይዘው በሾጣጣ ቀዳዳ ነው። ያ ልክ በ1860ዎቹ በአሜሪካ በስቴፈን ሞርስ የተጀመረ ሲሆን ስሙን እንደያዘ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

የመቅጠኑ ፍጥነት በምጥጥን ይገለጻል። «አንድ ለአሥር» ሲባል በሻፍቱ ርዝመት አሥር ሚሊሜትር በተሄደ ቁጥር ዲያሜትሩ አንድ ሚሊሜትር ይቀንሳል ማለት ነው። ዓለም አቀፉ ደረጃ ለሞተርና ለማሽን ሾጣጣ የሻፍት ጫፎች የሚጠቀመው ይህንኑ አንድ ለአሥር ነው። የሞርስ ሾጣጣ ወደ አንድ ለሃያ ይጠጋል። በአንድ ጫማ ርዝመት አንድ ኢንች ተኩል እንደሚቀጥን የተጻፈበት የእንግሊዝ ሥሪት አሮጌ ዕቃ ካጋጠመ ደግሞ ልኩ አንድ ለስምንት ነው።

> ስሌቱ አንድ ማካፈልና አንድ መቀነስ ነው። የሚያደክመው ሦስቱን ቁጥሮች ከተሰበረ ብረት ላይ ማግኘት ነው።

ከጉማጁ ላይ የሚነበበው

አንድ የወፍጮ ባለቤት ከረጢት ውስጥ ሁለት ብረት ይዘው ቶርኖ ቤት ገቡ እንበል። አንደኛው ጫፉ የተሰበረ ሻፍት፣ ሌላኛው ፑሌጃ ነው። የተቆረጠው ጫፍና ዳዶው ማሳ ላይ ይሁን ዱቄት ውስጥ የት እንደወደቁ አልታወቀም። ልምድ ያለው ቶርነሪ ለባለቤቱ መጀመሪያ የሚናገረው ስለ ዋጋ አይደለም፤ «ጋሼ፣ ፑሌጃውንም ማምጣትዎ መልካም ነው» ነው የሚለው። ሻፍቱ ግማሹን ታሪክ ይነግረዋል፣ ቀሪውን የሚያገኘው ከፑሌጃው ቀዳዳ ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር ትልቁ ዲያሜትር ነው። ሾጣጣው ከትከሻው ሥር የሚጀምርበት ቦታ ብዙውን ጊዜ አልተነካም፤ ፑሌጃው እዚያ ድረስ ስለማይደርስ አይበላም። እዚያ ላይ ካሊፐሩ 40 ሚሊሜትር አነበበ እንበል።

ሁለተኛው ምጥጥኑ ነው። ከጉማጁ ላይ ያልተበላ ንጹሕ ቦታ ተመርጦ በሠላሳ ሚሊሜትር ርቀት ሁለት ምልክት ይደረጋል። በአንደኛው ምልክት ላይ 39.6፣ በሌላኛው ላይ 36.6 ሚሊሜትር ተገኘ። በሠላሳ ሚሊሜትር ውስጥ ሦስት ሚሊሜትር ቀጥኗል፤ ስለዚህ አንድ ለአሥር ነው። እዚህ ላይ ምልክቶቹን ማራራቅ ይጠቅማል። በአሥር ሚሊሜትር ርቀት ብቻ ቢለካ የካሊፐሩ ትንሽ ስህተት አንድ ለአሥሩን አንድ ለዘጠኝ ወይም አንድ ለአሥራ አንድ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። የተገኘው ቁጥር 9.8 ወይም 10.2 ቢሆንም የቶርነሪው ግምት ወደ ታወቀው ደረጃ መሄድ አለበት፤ ማንም ፋብሪካ አንድ ለ9.8 ብሎ አይሠራም።

ሦስተኛው ርዝመቱ ነው፤ የጠፋው እርሱ ነው። ፑሌጃው ግን አለ። የፑሌጃው እምብርት ከጎን እስከ ጎን 80 ሚሊሜትር ነው። ፑሌጃው በትክክል ሲቀመጥ ከትከሻው ሦስት ሚሊሜትር ያህል መራቅ አለበት፣ አለዚያ ዳዶው ሲጠብቅ የሚገፋበት ቦታ ያጣል። የእምብርቱ ማብቂያ ስለዚህ ከትከሻው 83 ሚሊሜትር ላይ ይውላል። ሾጣጣው ከዚያ አንድ ሚሊሜትር ቀደም ብሎ፣ 82 ላይ ያልቃል። ይህች አንድ ሚሊሜትር የግድ ናት። ሾጣጣው ከእምብርቱ ካለፈ ሮንዴላው ፑሌጃውን ትቶ የሻፍቱን ጫፍ ይጫናል፤ ዳዶው ጠበቀ ይመስላል፣ ፑሌጃው ግን አልተያዘም።

አሁን ሦስቱም ቁጥሮች በእጅ ናቸው።

ትንሹ ዲያሜትር = ትልቁ ዲያሜትር − (ርዝመት ÷ የምጥጥኑ ቁጥር)

82 ለአሥር ሲካፈል 8.2 ነው። ከ40 ላይ 8.2 ሲቀነስ 31.8 ሚሊሜትር ይቀራል። የጠፋው ጫፍ ይህን ያህል ነበር።

ይህን ቁጥር ፑሌጃው ራሱ ያረጋግጠዋል። የእምብርቱ ሰፊ አፍ ከትከሻው ሦስት ሚሊሜትር ርቆ የሚቀመጥ ከሆነ እዚያ ላይ ዲያሜትሩ 39.7 መሆን አለበት፣ ጠባቡ አፍ ደግሞ ከዚያ ስምንት ሚሊሜትር ቀንሶ 31.7። ካሊፐሩ በፑሌጃው ሁለት አፎች ላይ እነዚህን ቁጥሮች ካነበበ ስሌቱም ልኬቱም ተስማምተዋል። ካልተስማሙ ወይ ቀዳዳው ተበልቷል፣ ወይ ርዝመቱ ተሳስቷል፤ ብረት ከመቆረጡ በፊት ቆሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ከጫፉ በኋላ የሚመጣው የዳዶው ጥርስም ከ31.7 ማነስ አለበት፣ ፑሌጃው በላዩ አልፎ እንዲገባ። 24 ሚሊሜትር ጥርስ እዚህ ላይ በምቾት ይቆማል።

ግማሹ የሚረሳበት ቦታ

በቶርኖ ቤቶች ውስጥ ለጀማሪ የሚነገር አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ «ምጥጥኑ የዲያሜትር ነው፣ ቢላው የሚሄደው ግን በሬዲየስ ነው»። አንድ ለአሥር ሲባል አሥር ሚሊሜትር በተጓዙ ቁጥር ከሻፍቱ ግራና ቀኝ ተደምሮ አንድ ሚሊሜትር ይነሳል። ከአንድ ወገን የሚነሳው ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው።

ይህን የረሳ ተለማማጅ የሚደርስበትን ማስላት ይቻላል። የአንድ ለአሥር ሾጣጣ ሙሉ ማዕዘን ወደ 5 ዲግሪ ከ43 ደቂቃ ነው። ቢላው የሚመራበት ትንሹ የላይኛው ተንሸራታች፣ ኮምፓውንድ የሚሉት፣ መዞር ያለበት በግማሹ፣ በ2 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ገደማ ነው። ተለማማጁ ሙሉውን ማዕዘን ቢያስገባ ጫፉ 31.8 መሆኑ ይቀርና ወደ 23.6 ሚሊሜትር ይወርዳል። 24 ሚሊሜትር ጥርስ የሚወጣበት ብረት እንኳ አይቀርም። ከአሮጌ የጭነት መኪና አክስል ተፈልጎ የተገኘ፣ ግማሽ ቀን የተቆረጠበት ብረት ይጣላል።

ነገሩን የሚያባብሰው ሌላ ዓይነት ማዘንበልም በዚያው ቤት ውስጥ መኖሩ ነው። በአሮጌ የናፍጣ ወፍጮ ሞተሮች ላይ ቮላኖውን ቀጥ ባለ ሻፍት ላይ የሚይዘው ጭንቅላት ያለው ሽብልቅ ብረት አንድ ለመቶ ያዘነብላል። ያ ግን ከአንድ ፊቱ ብቻ ነው፤ በመቶ ሚሊሜትር አንድ ሚሊሜትር ከከፍታው ይቀንሳል፣ ሌላው ፊቱ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ሽብልቅ ሲያበጅ የኖረ እጅ ያንኑ ልማድ ወደ ክብ ሾጣጣ ቢያመጣው በየወገኑ እጥፍ ይቆርጣል።

ለዚህ ነው ትንሹን ዲያሜትር አስቀድሞ ማወቅ ጥቅም ያለው። ብዙ ሰው ስሌቱን የወረቀት ሥራ አድርጎ ያየዋል፣ ነገር ግን መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው መሃል ላይ ሊፈትሽ ይችላል። ከትከሻው 41 ሚሊሜትር፣ የመንገዱ እኩሌታ ላይ፣ ዲያሜትሩ 35.9 መሆን አለበት። ቢላው እዚያ ደርሶ ካሊፐሩ 32 ቢያሳይ ስህተቱ ገና ብረቱ ሳያልቅ ይታወቃል። ከዚህም የሚሻለው በጥሬው ብረት ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀጫጭን ቅርፊቶች ሁለት ቦታ ለክቶ ልዩነቱን ማየት ነው።

> ኮምፓውንዱ ላይ ያለው የዲግሪ ሚዛን ለጀማሪ መነሻ ነው፤ የመጨረሻውን ልክ የሚሰጠው የዳያል ጌጁ መርፌ ነው።

የኮምፓውንዱ የዲግሪ መስመሮች 52 ደቂቃን ለይተው አያሳዩም። ባለሙያው በሚዛኑ ሦስት ዲግሪ ገደማ ላይ ካቆመ በኋላ ቀጥ ያለ ንጹሕ ብረት ቻኩ ላይ ያስራል፣ ዳያል ጌጁን ኮምፓውንዱ ላይ አስሮ መርፌውን ብረቱ ላይ ያስነካል። ኮምፓውንዱ 20 ሚሊሜትር ሲጓዝ መርፌው አንድ ሚሊሜትር መቀየር አለበት። ከበለጠ ማዕዘኑ ይቀነሳል፣ ካነሰ ይጨመራል። አንድ ለአሥር በዲያሜትር፣ አንድ ለሃያ በሬዲየስ መሆኑ እዚህ ላይ በዓይን ይታያል።

ሾጣጣው ከኮምፓውንዱ ጉዞ ሲረዝም ብዙዎች ቴልስቶኩን ወደ ጎን መግፋትን ይመርጣሉ። ለረጅምና በዝግታ ለሚቀጥን ሥራ ይሆናል። ለአንድ ለአሥር ግን ከባድ ነው፤ የሚገፋው መጠን የሚቆጠረው ከሾጣጣው ርዝመት ሳይሆን ከሻፍቱ ሙሉ ርዝመት ስለሆነ፣ ግማሽ ሜትር ሻፍት 25 ሚሊሜትር መግፋት ይጠይቃል። አብዛኛው ቴልስቶክ ይህን ያህል አይሄድም፣ ቢሄድም ሹሎቹ በቀዳዳቸው ውስጥ ጠምመው ይቀመጣሉ።

ብዕር የሚናገረው

ሻፍቱ 31.8 ላይ ሲደርስ ሥራው አላለቀም። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ግጥምጥሞሹ ስህተት ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ሁለት ጫፍ ትክክል መሆኑ መካከሉ ቀጥ ያለ መሆኑን አያረጋግጥም።

ፍተሻው ቀላል ነው። በሻፍቱ ሾጣጣ ላይ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ሦስት ቀጭን የቀለም መስመሮች ይሰመራሉ፤ ሰማያዊ ቀለም ያለው በቀለም፣ የሌለው በማርከር። ፑሌጃው በቀስታ ይገባና ሩብ ዙር ያህል ይዞራል፣ ከዚያ ይወጣል። ቀለሙ ከላይ እስከ ታች እኩል ከተፋቀ ተያይዘዋል። ከወፍራሙ በኩል ብቻ ከተፋቀ ሻፍቱ ከሚገባው በላይ ቀጥኗል፣ ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ አየር ላይ ነው። ከቀጭኑ በኩል ብቻ ከተፋቀ በቂ አልቀጠነም። በሁለቱም ጫፍ ተፍቆ መሃሉ ካልተነካ ደግሞ ማዕዘኑን መነካካት አይረዳም፤ ቢላው ከሻፍቱ መሃል ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ታስሯል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን የሚወጣው ገጽ በትንሹ ወደ ውስጥ የጎበጠ ነው። የቢላው ከፍታ ተስተካክሎ እንደገና መቁረጥ ይጠይቃል፣ ይህን ያልተረዳ ሰው ማዕዘኑን ሲያዞር ውሎ ሻፍቱን ያቀጥነዋል።

ማቅጠኑ ዋጋ አለው። በአንድ ለአሥር ሾጣጣ ላይ ከዲያሜትሩ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ተጨማሪ ቢነሳ ፑሌጃው አንድ ሙሉ ሚሊሜትር ወደ ትከሻው ይጠጋል፤ የምጥጥኑ ቁጥር በስህተቱ ይባዛል። ሦስት አሥረኛ ቢነሳ የተተወው ሦስት ሚሊሜትር ክፍተት ያልቃል፣ ፑሌጃው ትከሻውን ይነካል። ከዚያ በኋላ ዳዶው የቱንም ያህል ቢጠብቅ ኃይሉን የሚቀበለው ትከሻው ነው፣ ሾጣጣው ሥራ ፈትቶ ይቀራል። አንድ ለሃያ በሆነው ልክ ላይ ይኸው ስህተት ፑሌጃውን ስድስት ሚሊሜትር ያስገባዋል።

እንዲህ የተገጠመ ወፍጮ በመጀመሪያው ቀን ደህና ይሠራል። ወፍጮ ቤት የሚውሉ ሰዎች ችግሩን የሚያውቁት ዘግይቶ ነው። ቺንጋው ከአንድ ጎኑ ይበላል፣ ሲነሳና ሲቆም ከፑሌጃው በኩል ጠቅ የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ከእምብርቱ ሥር ዝገት የሚመስል ቀይ ቡናማ ዱቄት ይወጣል። ያ ዱቄት በውኃ የመጣ ዝገት አይደለም። ያልተያዙ ሁለት ብረቶች በጥቃቅን እንቅስቃሴ ሲፋተጉ የሚያወጡት ነው። እርሱ ከታየ በኋላ ዳዶውን መልሶ ማጥበቅ አይበቃም፤ መፍታትና ሾጣጣውን ማየት ያስፈልጋል።

ተበልቶ የመጣ ቀዳዳ

በየከተማው የሚታይ አንድ ልማድ አለ። ፑሌጃው ሲላላ ከቆርቆሮ ወይም ከጣሳ የተቆረጠ ስስ ብረት በሻፍቱና በቀዳዳው መካከል ይጠቀለላል። ለወፍጮው ባለቤት ያን ዕለት ሥራ ስለማያስቆም ደስ ያሰኛል። ስሱ ብረት ግን በሁሉም ቦታ እኩል አይወፍርም፣ መጋጠሚያው ላይ ይደረባል ወይም ይከፈታል፣ ሾጣጣው የተሠራበትን ዋና ጥቅም፣ በዙሪያው ሁሉ መያዙንና መሃል ላይ መቀመጡን ያጠፋዋል። ቀጣዩ የሻፍት ስብራት ብዙ ጊዜ ከዚያ ይነሳል።

ትክክለኛው መንገድ ቀዳዳውን በዚያው ምጥጥን ጥቂት አስፍቶ ማጽዳትና ሻፍቱን ለአዲሱ ቀዳዳ መሥራት ነው። ቀዳዳው እስኪጸዳ ከዲያሜትሩ ስምንት አሥረኛ ሚሊሜትር ተነሳ እንበል። ሰፊው አፍ አሁን 40.5 ነው፣ ጠባቡ 32.5። ከትከሻው ሦስት ሚሊሜትር ርቀት ላይ ሻፍቱ 40.5 እንዲሆን ትልቁ ዲያሜትር 40.8 መሆን አለበት። ርዝመቱ ያው 82 ነው፣ የሚቀነሰውም ያው 8.2፤ ትንሹ ጫፍ 32.6 ይሆናል። ሻፍቱ ከአዲስ ብረት የሚወጣ ከሆነ ይህ ምንም ተጨማሪ ወጪ የለውም። አሮጌው ሻፍት ደህና ሆኖ ቀዳዳው ብቻ ከተበላ ግን ስምንት አሥረኛዋ ፑሌጃውን ስምንት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ታስገባዋለች፣ ክፍተቱ ደግሞ ሦስት ብቻ ነው። ያኔ ቶርነሪው ለባለቤቱ በግልጽ ሊነግራቸው ይገባል፤ ወይ ቀዳዳው በብየዳ ተሞልቶ እንደገና ይቦረቦራል፣ ወይ አዲስ ፑሌጃ ይገዛል።

ሻፍቱ ከተገጠመ በኋላ በፑሌጃውና በትከሻው መካከል ያለው ክፍተት ተለክቶ እዚያው ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ ይጻፋል። ወፍጮው የመጀመሪያውን ቀን ከፈጨ በኋላ ይቆምና ዳዶው አንድ ጊዜ ይጠብቃል፣ ክፍተቱም ይለካል። ሦስት የነበረው 2.8 ቢሆን ሾጣጣው ቦታውን ይዟል ማለት ነው። በሳምንቱ 2.8 ሆኖ ከቆየ ወፍጮው ሥራውን ይቀጥላል፤ ወደ ሁለትና ከዚያ በታች መውረዱን ከቀጠለ ፑሌጃው እንደገና ወጥቶ ቀለሙ ይሰመርበታል።